ከተቀዳ ሌክቸር ወደ ሾርት ኖት

ስለ ኩላሊት የተሰጠ የአንድ ሰዓት ሌክቸር ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም ሲገለበጥ ሰባት ሺህ ያህል ቃላት ሊወጣው ይችላል። ስም ጥሪው፣ «በሩን ዝጉልኝ» የሚለውና መምህሩ ጀምሮ የተዋቸው ዓረፍተ ነገሮች ያለ ችግር ይሰረዛሉ። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ጽሑፉ ንጹሕ ከመሰለ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ በደንብ ያልሰማውን ቃል ብዙ ጊዜ ባዶ አይተወውም፤ የሚመስለውን ሌላ ቃል ያስገባበታል።

በፊዚዮሎጂ ትምህርት ለዚህ ስሕተት የተጋለጡ ሁለት ቃላት አሉ፤ አፈረንትና ኢፈረንት። ግሎሜሩለስ ወደሚባለው፣ ደም ወደሚጣራበት የቀጫጭን ደም ሥሮች ጉንጉን ደም የሚያስገባው ቧንቧ አፈረንት፣ የሚያስወጣው ደግሞ ኢፈረንት ነው። በፍጥነት ሲነገሩ የሰው ጆሮም ያምታታቸዋል።

እንበልና ግልባጩ 23ኛው ደቂቃ ላይ «አፈረንቱ ሲጠብ ማጣራቱ ይቀንሳል» ይላል፤ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ደግሞ «አፈረንቱ ሲጠብ ማጣራቱ ይጨምራል»። የትኛው ነው የተሳሳተው? መግቢያው ሲጠብ ወደ ጉንጉኑ የሚደርሰው ደምና ግፊቱ ስለሚቀንሱ የሚጣራው ያንሳል። መውጫው በመጠኑ ሲጠብ ግን ደሙ ውስጥ ስለሚታገድ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ የሚጣራውም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለተኛው «ኢፈረንቱ» መሆን አለበት። ተማሪው ይህን ከጠረጠረ በኋላ ወደዚያው ደቂቃ ተመልሶ ድምፁን ያዳምጣል። የደቂቃ ምልክቶቹ በጽዳቱ ጊዜ መጥፋት የሌለባቸው ለዚህ ነው።

ቁጥርም እንዲሁ ይፈተሻል። ግልባጩ «በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 80 ሊትር ይጣራል» ካለ፣ 125ን በቀኑ 1,440 ደቂቃዎች ማባዛት ይበቃል፤ ውጤቱ 180 ሊትር ነው። መምህሩ «መቶ ሰማንያ» ሲሉ መቶው ተውጧል።

የቁልፍ ቃላቱ ዝርዝር ከዚህ በኋላ ቢዘጋጅ ይሻላል፤ ቀድሞ ከተጻፈ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳልና። አፈረንትና ኢፈረንት ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸው ሲጠቡ ከሚሆነው ጋር ይጻፋሉ።

ለፈተና የሚሆነውን ለመለየት «ይህ ይመጣል» የሚለውን ብቻ መፈለግ አይበቃም። መምህሩ ሁለት ነገሮችን ያነጻጸሩበት፣ «ለምን?» ብለው ክፍሉን የጠየቁበትና ከመድኃኒት ጋር ያያያዙት ቦታ የበለጠ ይጠቁማል። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኤናላፕሪል ኢፈረንቱን ያሰፋል፤ «ታዲያ ማጣራቱ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ከዚያው ይወጣል። መልሱ ይቀንሳል ነው፤ መውጫው ሲሰፋ የጉንጉኑ ግፊት ይወርዳልና።

ግልባጩ ፈጽሞ የማይዘው አንድ ነገር አለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጠቆሙ «ይሄ ወደዚህ ይገባል» ሲሉ «ይሄ» የትኛው እንደሆነ ድምፁ አይናገርም። እንዲህ ያለ ቦታ በግምት ሳይሞላ ምልክት ተደርጎበት፣ ከሰሌዳው ፎቶ ወይም ሥዕሉን ከገለበጠ ጓደኛ ደብተር ጋር ይመሳከራል።