«ቶሎ ከከፈልን» ማለት እስከ መቼ ነው?

በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ፣ ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ግዥ ክፍል ወደምሠራበት ማተሚያ ቤት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ወረቀት የሚያቀርብልን ድርጅት ሒሳብ ሹም ነው። «ክፍያችሁ 4,600 ብር ጎድሎ ገብቷል» አለኝ። «አልጎደለም፤ የ2 በመቶው ቅናሽ ነው» አልኩት። «የቅናሹ ቀን እኮ አልፏል!» እኔ ደግሞ አላለፈም ባይ ነኝ። ሁለታችንም በማስረጃነት የምንጠቅሰው ያንኑ አንድ ኢሜይል ነበር። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ወረቀቱን ላኩልን። ክፍያ በ30 ቀን፣ ቶሎ በ10 ቀን ከከፈልን 2% ቅናሽ። እናመሰግናለን።»

ስጽፈው ምንም የጎደለው አልመሰለኝም ነበር። 10 ቀን ተብሏል፣ 30 ቀን ተብሏል፣ 2 በመቶ ተብሏል። ያልተባለው ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ነው። ሻጩ ኢንቮይሱን ያዘጋጀው ዓርብ ነሐሴ 16 ነው። ወረቀቱ መጋዘናችን የገባው ማክሰኞ ነሐሴ 20 ነው። እኛ የከፈልነው ሐሙስ ነሐሴ 29 ነው። ሒሳብ ሹሙ ከኢንቮይሱ ቀን ቆጥሮ ቅናሹን ነሐሴ 26 ላይ ዘጋው። እኔ ከርክክቡ ቀን ቆጥሬ እስከ ነሐሴ 30 ክፍት አደረግሁት። ማናችንም አላጭበረበርንም፤ ኢሜይሉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። 4,600 ብሩን ከፍለን ተለያየን።

ገንዘቡ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ግን ቅናሹ የሚሰጠው 20 ቀን ቀድሞ ለመክፈል ነው። ለ20 ቀን 2 በመቶ ማግኘት በዓመት ሲሰላ ወደ 37 በመቶ ይጠጋል። ከባንክ በዚያ ወለድ የሚበደር ነጋዴ ቢኖር እብድ ይባላል። ስለዚህ ገንዘቡ እጁ ላይ ያለ ገዢ ቅናሹን ማሳለፍ የለበትም። ሻጩም ቢሆን የሚሰጠው በደግነት አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ቶሎ ስለሚያስፈልገው ነው።

ከዚያ በኋላ ኢሜይሉን እንደ አዲስ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሒሳብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አጭር አጻጻፍ ነበር፦ 2/10፣ net 30። ሒሳብ የተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ኢሜይሉን መጀመሪያ የሚከፍተው ግን የሽያጭ ሠራተኛው ነው፤ እሱ 2/10ን ሰኔ 2 ብሎ ቢያነበው አልፈርድበትም። ተውኩት።

ቀጥሎ «አንድ ወር» ልበል ብዬ ነበር። እሱም በእኛ አቆጣጠር ወጥመድ አለው። ነሐሴ 20 ለተረከቡት ዕቃ አንድ ወር ሲባል ብዙ ሰው መስከረም 20 ይላል። 30 ቀን ሲቆጠር ግን ጳጉሜን መሀል ስለምትገባ መስከረም 15 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ላይ። በቀን መጻፉ ይሻላል፤ ቀኑም የሥራ ቀን ይሁን ተራ ቀን መባል አለበት።

ብዙ ያሰብኩበት ግን ቅናሹ ከምን ላይ እንደሚቀነስ ነው። የወረቀቱ ዋጋ 200,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 230,000። 2 በመቶው ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ከሆነ 4,000 ብር ነው፤ ቫቱ እንዳለ ከቀረ 226,000 እንከፍላለን። ዋጋው 196,000 ሆኖ ቫቱም በዚያው ልክ ዝቅ ካለ ግን ክፍያው 225,400 ነው። በመሀሉ 600 ብር አለ። ለዚያውም ሻጩ በ230,000 ብር ደረሰኝ ቆርጦ ከሆነ ቅናሹን የሚያሳይ ክሬዲት ኖት ማውጣት ይኖርበታል፤ ካልሆነ የእሱም የእኛም የቫት ሒሳብ አይገጥምም። ይህን ሁሉ በኢሜይል ማስረዳት ሰው ማሰልቸት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ በመቶኛውን ብቻ ሳይሆን የሚከፈለውን ብር ራሱን መጻፍ። 225,400 የሚል ቁጥር ያየ ሒሳብ ሹም ካልተስማማ ዕቃው ሳይጫን ይደውላል።

እንግዲህ አዲሱ ኢሜይል ይኸው። ርዕሱ ላይ ቀድሞ «ሰላምታ» ይል የነበረው አሁን «የወረቀት ግዥ ትዕዛዝ፦ ክፍያ በ30 ቀን፣ በ10 ቀን ከሆነ 2% ቅናሽ» ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ። በዋጋ ማቅረቢያችሁ መሠረት ወረቀቱን አዘናል። ጠቅላላ ዋጋው ከነቫቱ 230,000 ብር ነው።

የክፍያ ቀን የሚቆጠረው ዕቃው ተሟልቶ መጋዘናችን ከገባበትና ኢንቮይሱ ከደረሰን ቀን ነው፤ ሁለቱ በተለያየ ቀን ከደረሱ የኋለኛው ይያዛል። በማግስቱ ያለው ቀን 1 ተብሎ ይጀምራል። እሑድና በዓልም ይቆጠራሉ።

እስከ 10ኛው ቀን ከከፈልን 225,400 ብር እንከፍላለን፤ ይህም ዋጋውም ቫቱም 2% ተቀንሶ ነው፤ ለልዩነቱ ክሬዲት ኖት ትሰጡናላችሁ። ከ11ኛው እስከ 30ኛው ቀን ከሆነ 230,000 ብር ሙሉውን እንከፍላለን። የመጨረሻው ቀን ባንክ ዝግ ከሆነ ቀጣዩ የባንክ የሥራ ቀን ይያዛል። ተከፈለ የሚባለው ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ በገባበት ቀን ነው።

ዊዝሆልዲንግ ታክስ ከሁለቱም ክፍያ ላይ በሕጉ መሠረት ተቀንሶ ደረሰኙ ይሰጣችኋል፤ ከቅናሹ ጋር አይገናኝም።

በዚህ መስማማታችሁን ዕቃው ከመጫኑ በፊት በዚሁ ኢሜይል መልሱልን።»

«ገንዘቡ በገባበት ቀን» የሚለውን የጻፍኩት በራሳችን ላይ ፈርጄ ነው። ዝውውሩን ባዘዝንበት ቀን ቢባል ለእኛ ይመቸን ነበር፤ ግን ሻጩ የሚያየው የራሱን ሒሳብ ብቻ ነው፣ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላው ሲላክ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ እኛ በ10ኛው ሳይሆን በ8ኛው ቀን እንልካለን።

የመጨረሻው መስመር ለወጉ የገባ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1682 መሠረት፣ ሕጉ ከሚለያቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። በስልክ «እሺ» የተባለ ቅናሽም ሠራተኛው ሲቀየር አብሮት ሊሄድ ይችላል።

አንድ ነገር ይቀራል። ትዕዛዙ ሲጻፍ ዕቃው የሚገባበት ቀን ስለማይታወቅ ኢሜይሉ ሕጉን እንጂ ቀኑን መናገር አይችልም። ስለዚህ ርክክብ በተፈጸመ ዕለት ሁለተኛ አጭር መልእክት በዚያው ላይ እንልካለን። ለነሐሴው ግዥ ቢጻፍ ኖሮ እንዲህ ይል ነበር፦ «ዕቃውና ኢንቮይሱ ማክሰኞ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ደርሰውናል። በቅናሽ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነሐሴ 30፣ ያለ ቅናሽ ሐሙስ መስከረም 15 ቀን 2018 ነው።» የሳምንቱ ስም ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ ቀን ሲቆጠር ስህተት ካለ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር ከሆነ የፈረንጁን ቀን አጠገቡ እንጨምራለን፤ ሴፕቴምበር 5 እና ሴፕቴምበር 25፣ 2025 ብለን፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ።

ዕቃው በከፊል ከመጣ 225,400 የሚለው ቁጥር አይሠራም፤ አዲስ ቁጥር ተጽፎ እንደገና ስምምነት ይጠየቃል።

ያው ወረቀት አቅራቢ አሁንም ደንበኛችን ነው። «ተስማምተናል» የሚለው ኢሜይሉ ሳይደርሰን መኪና አናስጭንም።