ትርፍን የማሳመር ጫና እና ሙያዊ ጥርጣሬ

የአንድ ኩባንያ ትርፍ ከተጠበቀው በታች ሲሆን የአክሲዮኑ ዋጋ ይወርዳል፤ የሥራ አመራሮቹ ጉርሻም ይቀንሳል። ስለዚህ የሂሳብ ባለሙያዎች ውጤቱን እንዲያሳምሩ ጫና ይደርስባቸዋል።

በአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ወርልድኮም የታየው ይኸው ነው። ኩባንያው የሌሎች ድርጅቶችን መስመር ለመጠቀም የሚከፍለው ገንዘብ መደበኛ ወጪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከፊሉ እንደ ቋሚ ንብረት ተመዘገበ። የዘዴውን ውጤት በምሳሌ ማየት ይቻላል። የ100 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ንብረት ተብሎ ለ10 ዓመታት ሲከፋፈል፣ ከዓመቱ ትርፍ የሚቀነሰው 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። ትርፉ በ90 ሚሊዮን ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከካዝና የወጣው ገንዘብ ግን ያው 100 ሚሊዮን ነው።

አንዳንድ የሂሳብ ሠራተኞች ትክክል አለመሆኑን እያወቁ፣ በአለቆቻቸው ትእዛዝ ምዝገባውን ፈጸሙ። በ2002 የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ሲንቲያ ኩፐርና ባልደረቦቿ ለምዝገባዎቹ ደጋፊ ሰነድ ሲጠይቁ የሚያቀርብ አልተገኘም። የ3.8 ቢሊዮን ዶላር ማዛባት ይፋ ከሆነ በኋላ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ኩባንያው ኪሳራ አወጀ።

ሙያዊ ጥርጣሬ ሰውን ሁሉ አጭበርባሪ አድርጎ ማየት አይደለም፤ የአለቃ ማብራሪያ ብቻውን የሰነድን ቦታ እንዲይዝ አለመፍቀድ ነው።