ከሆስፒታል አልጋ ለዲኑ የተጻፈ ደብዳቤ

የማጠቃለያ ፈተናው ሳምንት ሊጋመስ ነው። እሑድ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም ማታ አንዲት የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ዶርሟ ውስጥ ስታትስቲክስ ስታጠና እምብርቷ አካባቢ ያማት ጀመር። ካፌ የበላችው ምግብ መስሏት ሻይ ጠጥታ ተኛች። እኩለ ሌሊት ሲሆን ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኗ ወርዶ ቀጥ ብላ መቆም አቃታት። የግቢው ክሊኒክ ሪፈር ጻፈላት፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረሰች። ትርፍ አንጀት ነበር። ሰኞ ጠዋት ጓደኞቿ ስታትስቲክስ ሲፈተኑ እሷ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበረች።

ይህች ተማሪ ለምሳሌ የተሳለች ስለሆነች ስም አልወጣላትም። የገጠማት ነገር ግን በየግቢው በየሴሚስተሩ የሚያጋጥም ነው። በስድስት ኮርስ ተመዝግባለች እንበል፤ እያንዳንዱ 5 ክሬዲት፣ በድምሩ 30። ሦስቱን ባለፈው ሳምንት ተፈትና ሦስቱንም ቢ አምጥታለች። የቀሩት ሦስቱ ሰኞ ሰኔ 3፣ ረቡዕ ሰኔ 5 እና ዓርብ ሰኔ 7 የሚሰጡ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ኤፍ ሆነው ቢመዘገቡባት የሴሚስተሩ ውጤቷ 1.50 ይሆናል። በሕጋዊ ምክንያት እንደቀረች ታውቆ ኮርሶቹ እስክትፈተን ድረስ ከስሌቱ ውጭ ከቆዩ ግን 3.00 ነው። ለመመረቅ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውጤት 2.00 ስለሆነ የልዩነቱን ክብደት ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ በሰዓቱ ከደረሰና የተያያዘው ማስረጃ ከቃሉ ጋር ከገጠመ።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የየዩኒቨርሲቲውን የአካዳሚክ ጉዳይ ለሴኔቱ ይሰጣል። ስለዚህ ያመለጠ ፈተና የሚታይበት ደንብ የሚገኘው በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ውስጥ ነው። ማመልከቻው በስንት ቀን ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥና የግል ክሊኒክ ማስረጃ ተቀባይነት ይኑረው አይኑረው ከግቢ ግቢ ይለያያል። ይህን ከታመሙ በኋላ አልጋ ላይ ሆኖ ማፈላለግ ከባድ ነው። የክፍል ተወካይ ወይም የዶርም ጓደኛ ሬጅስትራር ደርሶ ቀነ ገደቡን ቢጠይቅ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ተማሪዋ ማክሰኞ ከሰመመኑ በደንብ ስትነቃ በስልኳ ላይ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፈች። ሁለት ገጽ ሆነ። ሕመሙ እንዴት እንደጀመራት፣ ቤተሰቧ ሩቅ አገር እንደሆነ፣ አባቷ ጡረተኛ መሆኑን፣ እስከ ዛሬ አንድም ክፍል ቀርታ እንደማታውቅ ዘረዘረች። መጨረሻ ላይ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ» ብላ ጨረሰች። አንድም ውሸት የለበትም። ሆኖም የትኞቹ ፈተናዎች እንዳመለጧት፣ መቼ ሆስፒታል እንደገባችና ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ከሁለቱም ገጽ አይገኝም። በፈተና ሳምንት ዲኑ ጠረጴዛ ላይ የሚከመረው ማመልከቻ ብዙ ነው። አንብቦ የሚወስነውም ሐኪም አይደለም፤ የሕመሙን ክብደት መመዘን አይችልም። እሱ የሚያመሳክረው ቀን ከቀን ነው፦ ፈተናው የተሰጠበትን ቀንና ተማሪዋ አልጋ የያዘችበትን ቀን።

ጓደኛዋ ማመልከቻውን አይታ፣ «ይሄ ሁሉ ለእናትሽ የሚጻፍ ነው እኮ። ለዲኑ ቀኑንና ኮርሱን ጻፊለት» አለቻት። አብረው እንደገና ጻፉት፦

«ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም

ለቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ዲን ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በሕመም ምክንያት ሦስት የማጠቃለያ ፈተናዎች እንዲራዘሙልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ እኔ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል የ2ኛ ዓመት መደበኛ ተማሪ ስሆን፣ ለሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም አጥቢያ፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 10 ቀን 2024፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ገብቼ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። እስከ ዛሬም ተኝቼ በመታከም ላይ እገኛለሁ። በዚህ ምክንያት ሰኔ 3 የተሰጠውን የስታትስቲክስ ፈተና አልተፈተንኩም፤ ሰኔ 5 የሚሰጠውን የኮስት አካውንቲንግ እና ሰኔ 7 የሚሰጠውን የቢዝነስ ሕግ ፈተናም መፈተን አልችልም።

ስለሆነም ሐኪም የሚያዝልኝን የዕረፍት ጊዜ ከጨረስኩ በኋላ ሦስቱን ፈተናዎች እንድፈተን እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተኝቼ በመታከም ላይ መሆኔን የሚገልጽ የሆስፒታሉን ማስረጃ 1 ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከሆስፒታል ስወጣ የሚሰጠኝን ማስረጃም እንደደረሰኝ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከግርጌው ሙሉ ስሟ፣ ፊርማዋ፣ የመታወቂያ ቁጥሯና የስልክ ቁጥሯ ተጻፈ። ግልባጩ ለትምህርት ክፍሉና ለሬጅስትራር ሆነ።

በደብዳቤው ውስጥ ትርፍ አንጀት የሚል ቃል አለመኖሩ ያለምክንያት አይደለም። ማመልከቻው በብዙ ሰው እጅ ያልፋል፤ የሕመሙን ስም ሐኪሙ ማስረጃው ላይ ካሰፈረው ይበቃል። ሌሎች ሕመሞች ሲሆኑ፣ በተለይ ተማሪው ሊነገርበት የማይፈልገው ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዲኑ ማወቅ የሚያስፈልገው ተማሪው መፈተን አለመቻሉን ነው።

ሌላው፣ ደብዳቤው ከሆስፒታል እስክትወጣ አልጠበቀም። ብዙ ተማሪ ሙሉ ማስረጃ ሲያገኝ ሊያመለክት ያስብና፣ ሲድን ቀነ ገደቡ አልፎ መምህሩም ውጤት አስገብቶ ያገኘዋል። ተኝቶ የሚታከም ሰው እዚያው ሆኖ «ይህ ሰው በመታከም ላይ ነው» የሚል አጭር ማስረጃ እንዲጻፍለት መጠየቅ ይችላል። ሙሉው ሲወጣ ይከተላል።

አሁን ከሁሉም በላይ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ፤ የቀን አጻጻፍ። የፈተና መርሐ ግብሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ይወጣል፤ ማመልከቻው በኢትዮጵያ ይጻፋል፤ የሆስፒታሉ ወረቀት እንደ ሐኪሙ ልማድ አንዱን ይሆናል። ተማሪዋ «03/10/2016» ብላ በቁጥር ብቻ ብትጽፍ ሰኔ አሥረኛው ወር ስለሆነ ለእሷ ሰኔ 3 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ለሚያነብ ግን ኦክቶበር 3 ቀን 2016፣ ያውም ከስምንት ዓመት በፊት። የሆስፒታሉን «10/06/2024» ደግሞ የኢትዮጵያን ወር እየቆጠረ የሚያነብ ሰው የካቲት 10 ሊለው ይችላል። ወሩን በስሙ መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የሌሊቱ ሰዓትም አለ። ለተማሪዋ ሆስፒታል የገባችው እሑድ ሌሊት ነው፤ ሳይነጋ ሰኞ አይባልም። የሆስፒታሉ መዝገብ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ቀኑን ስለሚቀይር ጁን 10፣ 2:00 ብሎ ጽፏል። ደብዳቤዋ «እሑድ ሰኔ 2» ቢል፣ ማስረጃው ደግሞ ሰኔ 3 ቢል፣ የሚያመሳክረው ሰው ወረቀቱን መጠርጠር ይጀምራል። «ለሰኞ አጥቢያ» የሚለው ቃል የገባው ለዚህ ነው።

ማስረጃውም እንደ ደብዳቤው መታየት አለበት። የመድኃኒት ማዘዣና የክፍያ ደረሰኝ መታከምን እንጂ መተኛትን አያሳዩም። የግቢው ክሊኒክ ሪፈርም ወደ ሌላ ቦታ መላኳን ብቻ ይናገራል። ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የሚወጣው ማስረጃ ላይ መፈለግ ያለበት የካርድ ቁጥር፣ የገባችበትና የወጣችበት ቀን፣ የታዘዘው የዕረፍት ቀን ብዛት፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ እንዲሁም የሚነበብ ማኅተም ነው። ስሟ በመታወቂያዋ ላይ እንዳለው እስከ አያት መጻፉም እዚያው መስኮቱ ላይ ሳሉ ይታያል። በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ ወረቀት ለማሳወቅ ይጠቅማል፤ ለውሳኔ የሚፈለገው ግን ዋናው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጓደኛዋ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛ ኮሌጁ መዝገብ ቤት ሄደች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንዱን ተቀብላ፣ «እህቴ፣ ያንቺንም ስጪኝ፤ ቁጥር ልጻፍበት» አለቻት። በእጅ የቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አረፈበት። ዲኑ ደብዳቤውን ለትምህርት ክፍሉ መራው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሦስቱን መምህራን ጠይቆ አስተያየቱን ጻፈ። ብዙ ቦታ ጉዳዩ በአካዳሚክ ኮሚሽን ይታያል፤ ሲፈቀድ ውሳኔው ለመምህራኑና ለሬጅስትራር በደብዳቤ ይደርሳል።

ሐሙስ ሰኔ 6 ከሆስፒታል ወጣች። ሐኪሙ የአሥር ቀን ዕረፍት ጻፈላት፤ እስከ ሰኔ 15 ማለት ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቁጥር ጋር ተጠቅሶ ገባ። ሜካፕ ፈተናው ለሰኔ 17፣ 18 እና 19 ተቀጠረላት።

ዓርብ ዕለት ግን ልትሳሳት ነበር። በወጣች ማግሥት የቢዝነስ ሕግ ፈተና ነው፤ «ቀላል ስለሆነ ልግባና ልገላገል» አለች። ጓደኛዋ ከለከለቻት፤ ልክ ነበረች። ታሞም ቢሆን ገብቶ የተፈተነ ተማሪ ውጤቱ ሲበላሽ «አሞኝ ነበር» ብሎ ቢያመለክት ብዙውን ጊዜ አይሳካለትም። ሕመምተኛ መሆኑን የሚናገረው ወረቀት፣ ፈተና ላይ መገኘቱን ከሚናገረው ፊርማ ጋር ይጋጭበታል። በዚያ ላይ የሷ ደብዳቤ መፈተን አልችልም ብሏል።

ሜካፕ የሚጠቅመውም እንደ እሷ ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናው ብቻ ላመለጠው ነው። ሁለት ወር የተኛ፣ ክፍልም ቤተ ሙከራም ያለፈው ተማሪ ሜካፕ ቢፈቀድለት እንኳ የሚፈተነው ያልተማረውን ነው። እሱ መጠየቅ ያለበት የሴሚስተር ዊዝድሮዋል ነው፤ ሲድን ሪአድሚሽን ጠይቆ ይመለሳል። ይህ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ቀነ ገደብና ክሊራንስ ያለው መንገድ ነው። ከግቢ ዝም ብሎ ወጥቶ አገር ቤት መግባት ግን እንደ ዊዝድሮዋል አይቆጠርም።

ሐምሌ ላይ ተማሪዋ ግሬድ ሪፖርቷን አየች። ስታትስቲክስና የቢዝነስ ሕግ ውጤታቸው ገብቷል። ኮስት አካውንቲንግ ላይ ግን አሁንም ኤንጂ፣ ውጤት የለም፣ ይላል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር ኤንጂ በተወሰነለት ጊዜ ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። መምህሩ ፈተናውን አርሟል፤ የውጤት ማስተካከያ ፎርሙን ግን ትምህርት ክፍሉ ወደ ሬጅስትራር አላሻገረውም። ተማሪዋ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛ ሄደች። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ የገቢ ቁጥሩን አይታ ፋይሉን ሳበች፤ ፎርሙ ከሌሎች አራት ተማሪዎች ወረቀት ጋር ተያይዞ እዚያው ነበር። ኃላፊው የዚያኑ ቀን ፈረመበት።