«DSC_0457» ብሎ ላሊበላን የሚፈልግ ማን ነው?

ካሜራ ለፎቶ ስም አያወጣም፤ ቁጥር ነው የሚሰጠው። የእኔ ኒኮን ከ DSC_0001 ይጀምርና DSC_9999 ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ ይነሳል። በ2017 ዓ.ም. የገና ዕለት ላሊበላ ካነሳኋቸው ፎቶዎች የምወደው DSC_0457 ነበር፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ ምእመናን በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ የዓለቱ ጠርዝ ላይ ቆመው። በዚሁ ስሙ ድረ ገጼ ላይ ጫንኩት፤ ከሥሩም «ትዝታ» ብዬ ጻፍኩበት። ወራት ቆይቼ በጉግል የምስል ፍለጋ ብፈልገው የለም። ቤተ ጊዮርጊስን «ትዝታ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከየት ይመጣል?

ጉግል ፎቶውን ራሱንም ይመረምራል፤ ግን ቦታውንና ቀኑን ለይቶ ለማወቅ በአብዛኛው የሚደገፈው በአካባቢው ባሉት ቃላት ነው። እነሱም ከፎቶው ሥር የሚነበበው መግለጫ፣ የገጹ ርዕስ፣ በኮዱ ውስጥ alt የሚባለው ጽሑፍና የፋይሉ ስም ናቸው። ብዙዎቻችን የምንደክመው በፋይል ስሙ ላይ ነው፤ ጉግል ራሱ ግን የፋይል ስም የሚሰጠው ፍንጭ ቀላል እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ጊዜ ካጠረ መግለጫው ይቅደም።

የእኔን ፎቶ በመጨረሻ እንዲህ አስተካከልኩት፦

```html
<figure>
  <img src="lalibela-bete-giyorgis-genna-2025.jpg"
       alt="ነጭ ነጠላ የለበሱ ምእመናን በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ዓለት ላይ ቆመው">
  <figcaption>የገና ማለዳ በቤተ ጊዮርጊስ፣ ላሊበላ፤
  ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.</figcaption>
</figure>
```

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል የጻፍኩት አማርኛን ንቄ አይደለም። ጉግል የግእዝ ፊደልንም ያነባል። ችግሩ ሊንኩ ሲገለበጥ ነው፤ «ላ» የምትለዋ አንዲት ፊደል %E1%88%8B ትሆናለች። አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ከሆነ «ላሊበላ» ብቻውን 36 ምልክት ወጣው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲላክለት ተጠራጥሮ የማይከፍተው ሰው አለ። በቃላቱ መካከል ያደረግሁት አጭር ሰረዝ ነው፤ ጉግል የሚመክረውም ከታች ሰረዙ ይልቅ እሱን ነው።

ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል። የፋይሉን ስም genna-2017 ብለው ኖሮ የውጭ አገር አንባቢ ከስምንት ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶ ይመስለው ነበር። ስለዚህ በላቲኑ ስም 2025፣ በአማርኛው መግለጫ 2017 ዓ.ም. አልኩ።

አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን አንዱ Bete Giyorgis፣ ሌላው Bet Giorgis፣ ዩኔስኮ ደግሞ Biete ብሎ ይጽፋል። ሁሉንም alt ውስጥ መደርደር ያምራል፤ አይደረግም። እንዲህ ያለ የቃላት ክምር ጉግል እንደ ማጭበርበር ሊቆጥረው ይችላል፤ ማየት የተሳነው አንባቢም በስልኩ ድምፅ ሁሉንም ተራ በተራ ለመስማት ይገደዳል። alt ለእሱም ጭምር ነው። ሁለተኛውን አጻጻፍ በገጹ ላይ በተጻፈው ታሪክ ውስጥ በተፈጥሮ አንድ ጊዜ ካነሳችሁት ይበቃል።

አሮጌ ፎቶዎችን ግን በአንድ ሌሊት ስም ለመቀየር አትቸኩሉ። የፋይል ስም ሲለወጥ አድራሻውም ይለወጣል፤ ጉግል ምስሎችን ተመልሶ የሚያየው ደግሞ ከጽሑፍ ገጾች ይልቅ እየቆየ ነው። አስቀድማችሁ በምስል ፍለጋው site: ብላችሁ፣ ክፍተት ሳትተዉ የድረ ገጻችሁን ስም ጻፉ። የሚወጡት ፎቶዎች ጉግል ያወቃቸው ናቸው፤ የእነሱን ስም ተዉትና መግለጫቸውን ብቻ አሻሽሉ። የእኔ ትዝታ እዚያ ስላልነበረ ስሙን ስቀይረው የቀረብኝ ነገር የለም።

ከናካቴው አንድም ፎቶ ካልወጣ ችግሩ ከስም በላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የድረ ገጽ ዲዛይን ፎቶውን የገጹ ጀርባ አድርጎ ይለጥፈዋል፤ በዚህ መንገድ የተቀመጠ ፎቶ በጉግል የምስል ፍለጋ ውስጥ አይገባም። ኮዱን ከፍታችሁ ከላይ እንዳለው img የሚል ካጣችሁ፣ ጉዳዩን ለሠራላችሁ ባለሙያ መልሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። መግለጫ ስጽፍ በዚያው ማለዳ ያነሳሁትን የቤዛ ኩሉ ፎቶም ቤተ ጊዮርጊስ ልለው ነበር፤ ካህናቱ የሚያሸበሽቡት ግን ቤተ ማርያም ነው። ያዳነኝ የዚያን ዕለት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጫርኩት አንድ መስመር ነው። እባካችሁ፣ የቦታውን ስም ካሜራውን ቦርሳ ሳትከቱ ጻፉት።