ገዢው ለምን ድንገት ዝም ይላል? የጅራፉ ውጤት

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ "ቡና ጠጪው አልቀነሰም፤ ታዲያ ገዢ ለምን አንዴ ይሻማል፣ አንዴ ስልክ አያነሳም?" መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ጠጪው ጋ ሳይሆን መሃል ላይ ባለው ሰንሰለት ነው። ፈረንጆቹ ቡልዊፕ ኢፌክት ይሉታል፤ የጅራፍ ውጤት እንበለው። እጀታው ትንሽ ሲነቃነቅ ጫፉ ይጮኻል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኩት ነው። አራት ሰዎች አሉ፦ ሮስተር፣ አስመጪ፣ ላኪ እና አቅራቢ። እያንዳንዳቸው በወር 100 ኮንቴይነር ይሸጣሉ፤ የአንድ ወር ሽያጭ የሚያክል ስቶክም ይይዛሉ።

አሁን የጠጪው ፍላጎት ወደ 105 ከፍ አለና እዚያው ጸና። ሮስተሩ 105 ለሽያጭ፣ 5 ደግሞ ስቶኩን ለማሳደግ ይፈልጋል፤ 110 ያዛል። አስመጪው የሚያየው 110ን ብቻ ስለሆነ በዚሁ ስሌት 120 ያዛል። ላኪው 140፣ አቅራቢው 180 ይገዛል። ጠጪው የጨመረው 5 ነው፤ አቅራቢው ገበሬው ደጃፍ ሲደርስ 80 ሆኗል።

በሚቀጥለው ወር ጠጪው ያው 105 ነው። ሮስተሩ ስቶኩ ስለሞላ 105 ብቻ ያዛል። አስመጪው ትንሽ ስለተረፈው 100 ያዛል፣ ላኪው 80። አቅራቢው 140 ስቶክ ታቅፎ የ80 ትዕዛዝ ስለመጣለት የሚገዛው 20 ብቻ ነው። ከ180 ወደ 20! እዚህ ውስጥ ያበደ ሰው የለም፤ ሁሉም በየራሱ ትክክለኛውን ሂሳብ ሠርቷል። ጣጣው እያንዳንዱ የሚያየው የጎረቤቱን ትዕዛዝ እንጂ የጠጪውን ሲኒ አለመሆኑ ነው። በ180ው ወር በባንክ ብድር እሸት ቡና የሰበሰበ ዩኒየን በ20ው ወር ወለዱን እየቆጠረ ይቀመጣል።

በእውነተኛው ገበያም አይተነዋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የብራዚል ውርጭና የኮንቴይነር እጥረት ሲገጣጠሙ ገዢዎች "እንዳይጎድልብን" ብለው ስቶክ አበዙ። በየካቲት 2022 የኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ ከ2.50 ዶላር በላይ ነበር፤ በጥር 2023 ከ1.50 በታች ወረደ። የብራዚል ምርት ተስፋም ድርሻ ነበረው፤ ግን ገዢው መጋዘኑን እያራገፈ መሆኑም ትልቅ ምክንያት ነበር።

እጥረት ሲኖር ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። 10 ኮንቴይነር የሚፈልግ ገዢ "ግማሹን ብቻ ይሰጡኛል" ብሎ ሦስት ላኪ ጋ 10፣ 10 ይጠይቃል። ገበያው 30 ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ትዕዛዝ ይለያል፦ የመጫኛ ወር የለውም፣ ናሙና አይጠይቅም፣ ውል ፈርም ሲሉት ይጠፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገዢውን ስንት እንደሚፈልግ ብቻ ሳይሆን የስንት ሳምንት ስቶክ እንዳለው፣ ባለፈው ወር ስንት እንደቆላ ጠይቁት። ትዕዛዙ ጨምሮ የሚቆላው ካልጨመረ፣ ጭማሪው መጋዘን ሊሞላ ነው፤ ነገ ይቆማል። የአይ.ሲ.ኢ. የተመሰከረለት ክምችትም በየቀኑ ይወጣል፤ አቅጣጫውን ተከታተሉ።

ሁለተኛ፣ የስቶክ ጉድለትን በአንድ ወር አትሙሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ላኪው ብቻ ጉድለቱንም ትርፉንም በየወሩ ሩብ ሩቡን ቢያስተካክል፣ በመጀመሪያው ወር 140 ሳይሆን 125 ያዛል፤ በሁለተኛው 80 ሳይሆን 99 ገደማ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ሆኖ የአቅራቢው ግዢ ከ180 እና 20 ወደ 150 እና 73 ይሰክናል። አንድ ሰው ረገብ ሲል ከኋላው ያለው ሁሉ ይተነፍሳል።

ሦስተኛ፣ አንድ ትልቅ ውል በአንድ ጊዜ ከመጫን፣ መጠኑን በየወሩ ከፋፍላችሁ ተዋዋሉ። ዩኒየኖች ደግሞ ለግዢ ብድር ስትወስዱ የተፈረመውን ውል እንጂ የስልክ ጥያቄውን አትቁጠሩ።

ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሆንም። ውርጭ ምርቱን በእውነት ካጠፋው ዋጋው መውጣቱ አይቀርም፤ ቀስ ብሎ የሚገዛም ውድ ይገዛል። ቡና ደግሞ የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ አቅራቢው ግዢውን በየወሩ እንደልቡ ማስተካከል አይችልም። ለዚህ ነው ማርገቡ ከላኪው መጀመር ያለበት፤ ገዢውንም መጠየቅ የሚችለው፣ ለአቅራቢውም የሚያዘው እሱ ነውና።

ገዢዎቻችሁ አሁን የስንት ሳምንት ስቶክ እንደያዙ ከጠየቃችሁ፣ የሰማችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን።