ተጨማሪ መረጃ፦ ግርሻ ለምን ያገረሻል?

በመንዝና ግሼ ብርድ ወፍራም ልብስ ይደረባል። በስፌቱ የሚደበቅ ቅማል ሲጨፈለቅ የግርሻ ትኩሳትን የሚያመጣው ባክቴሪያ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ባክቴሪያውን የሚዋጋው አንቲቦዲ የተባለ፣ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተከፈለ ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ጫፎቹ የሚገጥሙት ከአንድ ዓይነት ቅርጽ ጋር ብቻ ነው። ቢ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያመርቱታል፤ እያንዳንዱ ሴል አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ይሠራል፣ አንቲቦዲው ከባክቴሪያው ሽፋን ጋር የገጠመለት ሴል ደግሞ ይባዛል። አንቲቦዲ የተጣበቀበት ባክቴሪያ ይጠፋል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ ጥቂት ባክቴሪያዎች የሽፋናቸውን ፕሮቲን ለውጠው ያመልጣሉ። የቀድሞው አንቲቦዲ አይገጥማቸውም። ስለዚህ ካልታከመ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ያገረሻል፤ ሰውነትም ለአዲሱ ሽፋን ሌላ አንቲቦዲ መሥራት ይጀምራል።