ዊዝሆልዲንጉ ተቆርጧል፤ ደረሰኙስ?

አንድ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት በየካቲት 2016 ዓ.ም. ለአንድ ሆቴል የ400 ሺህ ብር ሕትመት ሠራ እንበል። ቫት 60 ሺህ ብር ሲጨመርበት ሒሳቡ 460 ሺህ ይሆናል። ባንክ የገባው ግን 452 ሺህ ነው። ሆቴሉ በወቅቱ ይሠራበት በነበረው 2 በመቶ ምጣኔ፣ ከቫት በፊት ካለው ዋጋ 8 ሺህ ብር ዊዝሆልዲንግ ቀንሷል። ደረሰኙን ግን አልሰጠም።

ይህ 8 ሺህ ብር የሆቴሉ ወጪ ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ በቅድሚያ የከፈለው ግብር ነው። የዓመቱ የንግድ ትርፍ ግብር 45 ሺህ ብር ቢሆን፣ ደረሰኙን የያዘ ድርጅት 37 ሺህ ብቻ ይከፍላል። ያልያዘ ግን ሙሉውን ይጠየቃል፤ ለአንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ብዙዎች ደረሰኙ ሲጠፋባቸው ገቢያቸውን 392 ሺህ ብለው ይመዘግባሉ። አያዋጣም። በ30 በመቶ ግብር ከፋይ ለሆነ ድርጅት ይህ ምዝገባ የሚቀንሰው ግብር 2,400 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 5,600 ብር ይቀልጣል። በዚያ ላይ ገዢው ግዢውን 400 ሺህ ብሎ ሲያሳውቅ ሻጩ ገቢ የደበቀ ይመስላል። ትክክለኛው ምዝገባ ገቢውን 400 ሺህ፣ 8 ሺሁን ደግሞ ወደፊት የሚካካስ ተሰብሳቢ ሒሳብ ማድረግ ነው።

ደረሰኙን ለማግኘት የደረሰኝ ቁጥር፣ የተከፈለበት ቀን፣ የተቀነሰው መጠንና የራስን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ለገዢው ሒሳብ ክፍል ጽፎ ቅጂውን ማስፈረም ይገባል። ደረሰኙ ብቻ ሳይሆን ገዢው በዚያ ወር ለግብር ቢሮ ያቀረበው የዊዝሆልዲንግ ማሳወቂያም ይጠየቅ። በማሳወቂያው ላይ የእያንዳንዱ ሻጭ ስምና መለያ ቁጥር ይዘረዘራል። አንዳንዴ ገንዘቡ ገቢ ተደርጎም መለያ ቁጥሩ ላይ አንድ አኃዝ ስለተሳሳተ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ያን ጊዜ እርማቱን መጠየቅ ያለበት ገዢው ነው።

ስሙ በዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ከሌለ፣ ገዢው ገንዘቡን ቀንሶ ለመንግሥት ሳያስገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ውሉን፣ የሽያጭ ደረሰኙን፣ የባንክ መግለጫውንና ያስፈረመውን ደብዳቤ አያይዞ ለራሱ ግብር ቢሮ በጽሑፍ ማመልከት ይኖርበታል። የባንክ መግለጫው 8 ሺህ ብር መጉደሉን ያሳያል፤ የጎደለው ግብር ስለሆነ መሆኑን ግን ብቻውን አያስረዳም። ስለዚህ ገዢው ቅናሹን የጠቀሰበት የክፍያ ማዘዣ ከተገኘ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የ2016ን ግብር የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ደረሰኙ ካልተገኘ፣ ማስረጃ የሌለውን ማካካሻ መቀነስ ለኦዲት፣ ለቅጣትና ለወለድ ይዳርጋል። ግብሩን በወቅቱ ከፍሎ፣ ደረሰኙ ሲመጣ ማሳወቂያው እንዲሻሻል ማመልከት ይሻላል። ለወደፊቱ ግን ውሉ ላይ «ዊዝሆልዲንግ የሚቀነሰው ደረሰኙ ከቼኩ ጋር ሲሰጥ ነው» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይህን ሁሉ ደብዳቤ ያስቀራል።